በየወሩ አንድ ሺህ ብር፦ አምስት ዓመት ሲሞላ ደብተሩ ላይ ስንት ይገኛል?

ደብረ ብርሃን የምትኖር አንዲት የፋብሪካ ሠራተኛ ደመወዝ በወጣ ቁጥር 1,000 ብር ወደ ቁጠባ ሂሳቧ ታስገባለች እንበል። ወለዱ በዓመት 7 በመቶ ነው። አምስት ዓመት፣ ማለትም 60 ወር፣ ሳታቋርጥ ብትቀጥል በመጨረሻ ስንት ብር ይኖራታል? ጥያቄው ቡና ላይ ቢነሣ ፈጥኖ የሚመጣው መልስ 81,000 ነው። ስሌቱም ትክክል ይመስላል፦ ያስገባችው 60,000 ነው፤ የ60,000 ሰባት በመቶ 4,200 ነው፤ አምስት ጊዜ 4,200 ሃያ አንድ ሺህ ይሆናል፤ ሲደመር 81,000።

ትክክለኛው መልስ 71,592 ብር ከ90 ሳንቲም ነው። ከዘጠኝ ሺህ ብር በላይ ልዩነት አለ። ባንኩ አልቀነሰባትም፣ ቀማኛም አልገባም፤ የተሳሳተው ስሌቱ ነው።

ስህተቱ 60,000 ብሩ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ባንክ የተቀመጠ አድርጎ መቁጠሩ ነው። እንዲያ ቢሆንማ ኖሮ ወለዱ ራሱ ወለድ እየወለደ ከ81,000ም አልፎ 85,057 ብር በደረሰ ነበር። የእኛ ሠራተኛ ግን 60,000 ብር በእጇ ኖሯት አያውቅም። የመጀመሪያውን ሺህ ብር ያስገባችው በመጀመሪያው ወር መጨረሻ ስለሆነ ይህ ብር ባንክ የቆየው 59 ወር ነው። ሁለተኛው ሺህ 58 ወር፣ ሦስተኛው 57 ወር ቆይቷል። የመጨረሻው ሺህ ብር የገባው በ60ኛው ወር መጨረሻ፣ ሂሳቡ በሚታይበት ዕለት ነው፤ ምንም ወለድ አልወለደም። እንደ መንዝ በጎች ነው፤ ሁሉም በአንድ ጉረኖ ቢያድሩም ዕድሜያቸው አንድ አይደለም፣ ትናንት የተገዛችዋ ገና አልወለደችም።

ስለዚህ መቆጠር ያለበት የየአንዳንዱ ሺህ ብር ዕድሜ ነው። ከ59 ጀምሮ እየቀነስን እስከ ዜሮ ብንደምር 1,770 ወር ይመጣል። አንድ ሺህ ብር በ7 በመቶ የዓመት ወለድ በአንድ ወር የሚያፈራው 5 ብር ከ83 ሳንቲም ነው (70 ብርን ለ12 ማካፈል ነው፤ ሙሉው ቁጥር 5.8333 ነው)። 1,770 ወር በ5.8333 ሲባዛ 10,325 ብር ይሆናል። እውነተኛው ወለድ 11,592 ብር ከ90 ሳንቲም ስለሆነ 1,267 ብር ከ90 ሳንቲም ገና አልተገኘም። ይህ ቀሪ የወለድ ወለድ ነው፤ በየወሩ የታሰበው ወለድ ሂሳቡ ላይ ተደምሮ በሚቀጥለው ወር ራሱ የወለደው።

ይህን የዕድሜ ቆጠራ ቶሎ ማረጋገጫ አድርጎ መያዝ ይጠቅማል። ገንዘቡ በአማካይ ባንክ የሚቀመጠው የጊዜውን ግማሽ ያህል ብቻ ነው። አንድ ሰው በየወሩ የሚገባ ቁጠባን ወለድ ሲያሰላ ጠቅላላ ያስገባውን ገንዘብ በሙሉው ዓመት ካባዛ መልሱ ወደ እጥፍ ተጋንኗል ማለት ነው። በግማሹ ዓመት ካባዛው ደግሞ ከእውነቱ ትንሽ ያነሰ፣ ግን የሚታመን ግምት ያገኛል። ዓመቱ እየረዘመ ሲሄድ ግምቱ ከእውነቱ እየራቀ ይመጣል፤ ለአምስት ዓመት ግን ይበቃል።

ቀመሩ እና ከየት እንደመጣ

ሳንቲሙ ሳይቀር ለማወቅ በሂሳብ መጻሕፍት የተከታታይ እኩል ክፍያዎች የወደፊት ዋጋ የሚባለው ቀመር አለ፦

```
FV = P × [ (1 + i)^n − 1 ] ÷ i
```

`FV` በመጨረሻ ሂሳቡ ላይ የሚገኘው ገንዘብ ነው። `P` በየወሩ የሚገባው መጠን፣ እዚህ 1,000 ብር ነው። `i` የአንድ ወር ወለድ ነው፤ 0.07 ለ12 ሲካፈል 0.0058333 ይሆናል። `n` የወሩ ብዛት፣ 60 ነው።

ቀመሩን ሸምድዶ ቁጥር መክተት ይቻላል፤ ግን እንዲያ የያዘው ሰው አንድ ነገር ትንሽ ሲለወጥበት ይጠፋበታል። ከየት እንደመጣ ለመረዳት ደግሞ አልጀብራ አያስፈልግም። ሌላ ሰው እናምጣ። ይህኛው ከደመወዙ የሚቆጥበው የለውም፤ ነገር ግን ባንክ የተቀመጠ 171,428 ብር ከ57 ሳንቲም አለው። ቁጥሩ ያለ ምክንያት አልተመረጠም፤ በወር ልክ 1,000 ብር ወለድ የሚያስገኘው ዋና ገንዘብ ይህ ነው (1,000 ለ0.0058333 ሲካፈል)። ሰውዬው በየወሩ መጨረሻ የሚታሰብለትን 1,000 ብር ወለድ አይበላውም፤ ሌላ ደብተር ከፍቶ እዚያ ያዛውረዋል። ሁለተኛውም ደብተር ወለዱ 7 በመቶ ነው።

አሁን ያንን ሁለተኛ ደብተር ብቻ ለይታችሁ ተመልከቱ። በየወሩ መጨረሻ 1,000 ብር ይገባበታል፤ 60 ጊዜ። ከፋብሪካ ሠራተኛዋ ደብተር በምንም አይለይም። ስለዚህ የእሷን ገንዘብ ማወቅ ማለት የሁለተኛውን ደብተር ገንዘብ ማወቅ ማለት ነው።

ይህን ደግሞ ማወቅ ቀላል ነው። ሰውዬው ወለዱን በሌላ ደብተር ያስቀምጠው ወይም በዚያው ይተወው፣ ወለዱ አንድ ዓይነት እስከሆነ ድረስ ጠቅላላው አይለወጥም። በዚያው ቢተወው ኖሮ 171,428.57 ብሩ በየወሩ በ1.0058333 እየተባዛ 60 ወር ይሄዳል። 1.0058333 በራሱ 60 ጊዜ ሲባዛ፣ ቁጥሩ ሳይቆረጥ፣ 1.41762526 ነው። 171,428.57 በዚህ ሲባዛ 243,021 ብር ከ47 ሳንቲም ይመጣል። ይህ የሁለቱ ደብተሮች ድምር ነው። የመጀመሪያው ደብተር ላይ ወለዱ በየወሩ ስለተነሣ 171,428.57 እንዳለ ነው። እሱን ሲቀንሱ የሚቀረው 71,592 ብር ከ90 ሳንቲም ነው።

ወደ ቀመሩ ስንመለስ እያንዳንዱ ክፍል ሥራ አለው። `P ÷ i` ያ ባለ 171 ሺህ ሰው የያዘው ዋና ገንዘብ ነው፤ ሠራተኛዋ የሌላት፣ እኛ ለስሌት ብቻ የተዋስነው። `(1 + i)^n` ዋናው ገንዘብ ከነወለዱ ያደገበት ነው። `− 1` የተዋስነውን ገንዘብ መመለሳችን ነው። ሌላ የተደበቀ ነገር የለውም።

ከሁለቱ ደብተሮች የምትወጣ አንዲት ነገር አለች። በ60ኛው ወር ሠራተኛዋ የምታገኘው የአንድ ወር ወለድ 409 ብር ከ40 ሳንቲም ነው። የመጀመሪያ ወር ያስገባችው ሺህ ብርም አምስት ዓመቱ ሲያልቅ 1,409 ብር ከ40 ሳንቲም ሆኗል። ሁለቱ ቁጥሮች ሳንቲሙ ሳይቀር መግጠማቸው በአጋጣሚ አይደለም፤ በማንኛውም ወለድና በማንኛውም ወር ይገጥማሉ። ስለዚህ የመጨረሻው ወር የወለድ ጽሑፍ ሲደርሳችሁ፣ ወለዱ በየወሩ የሚታሰብና ሳይቀያየር የቆየ ከሆነ፣ የመጀመሪያዋ ተቀማጫችሁ ስንት እንደወለደች ያን ቁጥር አይቶ ማወቅ ይቻላል።

በወረቀት መከተል

ኃይል የሚያሰላ ካልኩሌተር የሌለው ሰው ቀመሩን ትቶ ወር በወር መሄድ ይችላል። ሥራው አንድ ነው፦ ያለፈውን ወር ሂሳብ በ1.0058333 ማባዛት፣ ከዚያ 1,000 መደመር። በመጀመሪያው ወር መጨረሻ 1,000 ብር አለ። በሁለተኛው 1,000 ብሩ 1,005.83 ሆኖ ሌላ ሺህ ይደመርበታል፤ 2,005.83። በሦስተኛው 3,017.53፣ በአራተኛው 4,035.14 ይሆናል። አሥራ ሁለተኛው ወር ላይ 12,392.59 ይደርሳል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ተስፋ ይቆርጣል፤ አንድ ዓመት ሙሉ ቆጥቦ ወለዱ 392 ብር ከ59 ሳንቲም ብቻ ነው። በአምስተኛው ዓመት ግን የዚያ ዓመት ወለድ ብቻውን 4,383 ብር ከ66 ሳንቲም ነው። የምታስገባው መጠን አልጨመረም፣ የወለዱ መቶኛም አልተለወጠም፤ የተለወጠው በዓመቱ መጀመሪያ ሂሳቡ ላይ ያለው ገንዘብ ነው፤ ከዜሮ ተነሥቶ 55,209 ብር ደርሷል። አምስት ዓመት ጨምራ አሥር ብትሞላ ደግሞ የመጀመሪያው 71,592.90 ብር ምንም ሳይነካ በ1.41762526 አድጎ 101,491.90 ይሆናል፤ የሁለተኛው አምስት ዓመት አዲስ ተቀማጭ እንደገና 71,592.90 ያመጣል፤ ድምሩ 173,084 ብር ከ80 ሳንቲም። ባንኩ በመሃል የወለድ መጠን ሲለውጥም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ለውጡ በተደረገበት ቀን ያለውን ሂሳብ እንደ አንድ ጥቅል ገንዘብ በአዲሱ ወለድ ማሳደግ፣ ከዚያ ወዲህ የሚገቡትን ደግሞ በቀመሩ ለብቻ አስልቶ መደመር። በአንድ ቀመር ሁለት ወለድ አይገባም።

ወሩ መጀመሪያ ወይስ መጨረሻ?

እስካሁን ያየነው ገንዘቡ በወሩ መጨረሻ ሲገባ ነው። በወሩ መጀመሪያ ከገባ እያንዳንዱ ሺህ ብር አንድ ወር ተጨማሪ ዕድሜ ያገኛል፤ ስለዚህ ጠቅላላው መልስ አንድ ጊዜ በ1.0058333 ይባዛል፦ 72,010 ብር ከ53 ሳንቲም። ልዩነቱ በአምስት ዓመት 417 ብር ከ63 ሳንቲም ነው። ለዚህ ሲባል መጨነቅ አያስፈልግም፤ ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ቁጠባ አስልተው ሁለት መልስ ሲያገኙ ግን ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይህ ነው።

የኛ አቆጣጠር እዚህ ላይ የራሱን ጣጣ ይጨምራል። ደመወዝ በኢትዮጵያ ወር የሚከፈለው ሰው ከነሐሴ ደመወዙ እስከ መስከረም ደመወዙ 35 ቀን ይጠብቃል፤ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ጳጉሜን ስድስት ስትሆን ደግሞ 36። ሰው ጳጉሜን ያለ ደመወዝ ያሳልፋታል፣ ገንዘብ ግን በጳጉሜም ይወልዳል። ወለዱ በቀን የሚታሰብ ከሆነ 71,000 ብር በጳጉሜን አምስት ቀን 68 ብር ገደማ ያገኛል። ቀመሩ ሁሉንም ወር እኩል አድርጎ ስለሚቆጥር ደብተሩና ቀመሩ በጥቂት ብሮች ቢለያዩ ከዚህ የተነሣ ሊሆን ይችላል።

የሚጎዳው ግን የወሩ ቀን ሳይሆን የታለፈ ወር ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ያለፈ ሰው በመጨረሻ የሚያጣው 3,000 ብር ብቻ አይደለም፤ 4,203 ብር ከ74 ሳንቲም ነው። የመጨረሻዎቹን ሦስት ወራት ያለፈ የሚያጣው 3,017 ብር ከ53 ሳንቲም ነው። ክረምቱ ከብዶ፣ መስከረም ላይ የልጆች ደብተርና ዩኒፎርም ተደራርቦ ማለፍ የግድ ከሆነ የተሻለው መንገድ በኋላ ማካካስ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ያለፈች ሠራተኛ በአራተኛው ወር ከመደበኛው ሺህ ብር ጋር ውዝፉን 3,000 አብራ ብታስገባ እስከዚያ ቀን የቀረባት ወለድ 35 ብር ከ14 ሳንቲም ብቻ ነው፤ እሱም በአምስተኛው ዓመት መጨረሻ 49 ብር ገደማ ቢሆን ነው። መዘግየት የሚያስከፍለው ሳንቲም ነው፤ መተው ግን ሺዎችን ያስከፍላል።

ደመወዝ የሌለው ገበሬና ዕቁብተኛው

የሞረትና ጅሩ ወይም የምንጃር ገበሬ በየወሩ 1,000 ብር አስገባ ቢባል ከየት ያመጣል? ገንዘቡ የሚገኘው ጤፉና ስንዴው ተወቅቶ ሲሸጥ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ 12,000 ብር ቢያስገባ በቀመሩ ውስጥ ሁለት ነገር አብሮ መለወጥ አለበት፦ `n` 5 ይሆናል፣ `i` ደግሞ የዓመት ወለድ ይሆናል። ወለዱ በየወሩ ሂሳቡ ላይ የሚደመር ከሆነ የዓመቱ እውነተኛ ወለድ 7 ሳይሆን 7.229 በመቶ ነው (1.0058333 በራሱ 12 ጊዜ ተባዝቶ አንድ ሲቀነስ)። የአምስት ዓመቱ ውጤት 69,324 ብር ከ91 ሳንቲም ነው፤ ከወርኃዊዋ ቆጣቢ በ2,268 ብር ያንሳል። ይህ ግን በየዓመቱ መጨረሻ ሲያስገባ ነው። አምስቱ ዓመት የሚቆጠረው የመጀመሪያውን 12,000 ብር ጥር ላይ ካስገባበት ቀን ጀምሮ ከሆነና የመጨረሻው ተቀማጭ ሙሉ ዓመት ከቆየ 74,336 ብር ከ41 ሳንቲም ያገኛል፤ ከወርኃዊዋ ይበልጣል። በየወሩ መቆጠብ በራሱ ትርፍ የለውም፤ ትርፍ ያለው ገንዘቡ ቀድሞ መግባቱ ላይ ነው።

ይህ ነገር በዕቁብ ላይ የበለጠ ይታያል። አሥራ ሁለት ሰዎች በየወሩ መጨረሻ 1,000 ብር እየጣሉ፣ በየወሩ አንዱ 12,000 ብር ይወስዳል እንበል። ዕቁብ ወለድ የለውም፤ ጊዜው ግን ዋጋ አለው። ዕጣው በመጀመሪያው ወር የወጣለት ሰው 12,000 ብሩን በ7 በመቶ ቢያስቀምጠው ዓመቱ ሲሞላ 12,793 ብር ገደማ ይሆንለታል። የመጨረሻው ሰው 12,000 ብር ብቻ ይዞ ይወጣል። ያንኑ ሺህ ሺህ ብር ብቻውን ባንክ ያስገባ የነበረ ሰው 12,392.59 ብር አለው። መለያ መስመሩን ብንፈልግ ስድስተኛው ወር ላይ ነው፦ በስድስተኛው ወር የወሰደ 12,426 ብር ሲኖረው፣ በሰባተኛው የወሰደ 12,354 ብር ይኖረዋል። እስከ ስድስተኛው ዕጣ ዕቁቡ ከባንክ ይሻላል፣ ከሰባተኛው ጀምሮ ባንኩ ይሻላል። ፊተኞቹ ያገኙት ከኋለኞቹ ነው። አጣዳፊ ችግር የሌለበትና ለሌላው ዕጣውን የሚለቅ ሰው ስንት እንደሚለቅ ቢያውቅ ጥሩ ነው፤ በዚህ ዕቁብ ከመጀመሪያ ወደ መጨረሻ መሄድ 793 ብር ገደማ ያስከፍላል።

በስልክና በኮምፒውተር ሲሠራ የሚሳሳቱበት

በኤክሴል ወይም በስልክ ላይ ባለ ተመሳሳይ ሠንጠረዥ ቀመሩ ዝግጁ ነው፦

```
=FV(0.07/12, 60, -1000)
=FV(0.07/12, 60, -1000, 0, 1)
=PMT(0.07/12, 60, 0, -100000)
```

የመጀመሪያው 71,592.90 ይሰጣል። ሁለተኛው፣ መጨረሻው ላይ ያለው 1 ገንዘቡ በወሩ መጀመሪያ እንደሚገባ ስለሚነግረው፣ 72,010.53 ይሰጣል። ከ1,000 በፊት ያለው የመቀነስ ምልክት ገንዘቡ ከእጅ መውጣቱን ያሳያል፤ ቢረሳ መልሱ ያው ሆኖ በመቀነስ ምልክት ይመጣል፣ ስህተቱም ያ ብቻ ነው። ሦስተኛው ነገሩን ይገለብጠዋል፦ በአምስት ዓመት 100,000 ብር ለማግኘት በየወሩ ስንት ይግባ? 1,396 ብር ከ79 ሳንቲም። በወረቀት ከሆነ 100,000ን ለ71.5929 ማካፈል ነው።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ለ12 ማካፈልን መርሳት ነው። ወሩን 60 ብሎ ወለዱን 0.07 ያለ ሰው በወር 7 በመቶ አድርጎታል፤ መልሱም 813,520 ብር ይመጣል። ስልሳ ሺህ ብር ያስገባ ሰው በአምስት ዓመት ስምንት መቶ ሺህ እንደማያገኝ ማንም ያውቃል፤ ግን የተሳሳተው ተቀማጩ ትልቅ፣ ጊዜው አጭር ሲሆን ቁጥሩ ያን ያህል ስለማይጮህ ያልፋል። የዕድሜ ቆጠራው ግምት የሚያገለግለው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው።

ሌላው ቁጥር መቁረጥ ነው። 0.0058333ን 0.006 ብሎ ያሳጠረ ሰው 71,965 ያገኛል፤ 372 ብር ተርፎታል። 0.0058 ያለ ደግሞ 74 ብር ይጎድልበታል። ለ12 የተካፈለውን ካልኩሌተሩ ላይ እንዳለ ይዞ መቀጠል ነው እንጂ ወረቀት ላይ ጽፎ መልሶ ማስገባት አይመከርም።

ደብተሩና ቀመሩ የማይገጥሙበት ምክንያት

7 በመቶው የተወሰደው ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ካሳደገበት ነው። ነገር ግን ሂሳቡ ላይ የሚደመረው ሙሉው ወለድ አይደለም። የገቢ ግብር ዐዋጅ ቁጥር 979/2008 በቁጠባ ሂሳብ ወለድ ላይ 5 በመቶ ግብር ደንግጓል፤ ባንኩ ወለዱን ሲያስገባ ቀንሶ ያስቀራል። ግብሩ ከወለዱ ላይ እንጂ ካስቀመጡት ገንዘብ ላይ አይደለም። በቀመሩ ለማካተት 7ን በ0.95 ማባዛት ይበቃል፦ 6.65 በመቶ። በዚህ ሲሰላ የሠራተኛዋ የአምስት ዓመት ሂሳብ 70,948 ብር ገደማ ይሆናል፤ ግብሩ የወሰደው፣ ከሚወልደው ወለድ ጋር፣ 645 ብር አካባቢ ነው። የግብሩ መጠን ቢለወጥ የሚለወጠው 0.95 ብቻ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ወለዱ በምን ላይ እንደሚታሰብ ነው። በየቀኑ ባለው ሂሳብ ላይ የሚያስብ አለ፤ በወሩ ውስጥ በታየው ዝቅተኛ ሂሳብ ላይ የሚያስብም ይኖራል። በሁለተኛው አሠራር 20,000 ብር ለሁለት ቀን ብቻ አውጥቶ የመለሰ ሰው የዚያን ወር የ20,000 ብሩን ወለድ ሙሉ በሙሉ ያጣል፤ 116 ብር ከ67 ሳንቲም። በቀን በሚታሰበው ግን የሚያጣው የሁለት ቀኑን፣ 7 ብር ከ67 ሳንቲም ብቻ ነው። የብድርና ቁጠባ ማኅበር አባል ከሆናችሁም ሂሳብ ሠራተኛው ዘንድ ሄዳችሁ መጠየቅ ያለባችሁ ሦስት ነገር ነው፦ ወለዱ በቀን ነው በወር ዝቅተኛ ሂሳብ የሚታሰበው፣ በየስንት ጊዜው ሂሳቡ ላይ ይደመራል፣ ግብሩ ተቀንሶ ነው ወይስ ሳይቀነስ የሚነገረው። ወለዱ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚደመር ከሆነ በዓመቱ ውስጥ የወለድ ወለድ የለም፤ 12,392.59 ይል የነበረው የመጀመሪያ ዓመት ሂሳብ 12,385 ብር ይሆናል።

ደብተሩን ለመፈተን አንድ ወር ይበቃል። ገንዘብ ያልገባበትና ያልወጣበት ወር ይመረጥ፤ የዚያ ወር ወለድ በወሩ መጀመሪያ ለነበረው ሂሳብ ይካፈል። በ7 በመቶ ግብር ሳይቀነስ 0.0058 ገደማ፣ ግብር ተቀንሶ 0.0055 ገደማ መምጣት አለበት። ወሩ 28 ወይም 31 ቀን በመሆኑ ጥቂት ከፍ ዝቅ ይላል። ከዚያ ግልጽ በሆነ መጠን ካነሰ ሂሳቡ የተከፈተው ወለድ በሌለው ወይም ሌላ ወለድ ባለው ዓይነት ሊሆን ስለሚችል ደብተሩን ይዞ ባንክ መሄድ ነው።

ቀመሩ የማያውቀው ነገርም አለ፦ ገበያውን። ዋጋ በወር 1 በመቶ እየጨመረ አምስት ዓመት ቢሄድ ዛሬ 1,000 ብር የሚገዛው ዕቃ ያን ጊዜ 1,817 ብር ገደማ ይሆናል። በዚያ ዋጋ 71,592 ብር ከ90 ሳንቲም ዛሬ 39,408 ብር ገደማ የሚገዛውን ያህል ብቻ ይገዛል።